ከጅራቱ በላይ ያለው ነጭ፦ የሜዳ ፍየሎችን ከፎቶ ለይቶ ማወቅ

የቶምሰንና የግራንት የሜዳ ፍየሎች በሰሜን ታንዛኒያና በደቡብ ኬንያ የሣር ሜዳዎች ላይ ተደባልቀው ሲግጡ ይታያሉ። የሁለቱም ጀርባ የደረቀ ሣር መልክ አለው፤ ሆዳቸው ነጭ ነው፤ ቀንዳቸው በቀለበት ተከቦ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከዓይናቸው ወደ አፍንጫቸው ነጭና ጥቁር መስመር ይወርዳል። በአካል ተገኝቶ ለሚያያቸው ሰው መለየቱ ከባድ አይደለም። የቶምሰኑ ቁመት ከመሬት እስከ ትከሻው ከ55 እስከ 70 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ የግራንቱ ከ75 እስከ 95 ይደርሳል። በክብደትም ግራንቱ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላው ግልገል ይመስላል።

ፎቶ ግን ይህን መለኪያ ይወስዳል። አንድ እንስሳ ለብቻው በሣር መካከል ቆሞ ከተነሣ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚናገር ነገር በምስሉ ውስጥ የለም፤ የሣሩም ቁመት ቢሆን አይታወቅም። የሩቅ ማንሻ ሌንስ ደግሞ ርቀትን ስለሚያጣብቅ፣ ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ የቆመው እንስሳ ከፊተኛው አጠገብ ያለ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ሩቅ ያለ ግራንት ከቅርብ ቶምሰን ጋር እኩል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው መጠንን ትቶ በእንስሳው ገላ ላይ ያሉትን ምልክቶች መፈለግ አለበት። ዋናዎቹ ሦስት ቦታ ላይ ናቸው፤ ከኋላ በዳሌው ላይ፣ በቀንዱ አቀራረጽና በፊቱ መስመሮች።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ እንዲህ ያለውን እንስሳ ሁሉ ሚዳቋ ማለት የተለመደ ነው። ሚዳቋ ግን በተለይ ቁጥቋጦ ውስጥ ለብቻዋ የምትሸሸገዋ ትንሿ እንስሳ ናት። በገላጣ ሜዳ ላይ በመንጋ የሚኖሩት የሜዳ ፍየል ይባላሉ። ከፍየል ጋር ያላቸው ዝምድና የሩቅ ቢሆንም፣ ስሙ ቢያንስ የት እንደሚገኙ በትክክል ይናገራል። ቶምሰንና ግራንት የሚሉት ቅጥያዎች የተወሰዱት በ19ኛው መቶ ዘመን ምሥራቅ አፍሪካን ካቋረጡ ሁለት ስኮትላንዳውያን ተጓዦች፣ ከጆሴፍ ቶምሰንና ከጄምስ አውግስጦስ ግራንት ነው።

ከሦስቱ ምልክቶች ቶምሰንን ከግራንት ለመለየት እጅግ የሚታመነው የዳሌው ነጭ ነው። የሁለቱም እንስሳት የኋላ ክፍል ነጭ ስለሆነ፣ “ነጭ አለው ወይስ የለውም” ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። የሚጠየቀው ነጩ የት ላይ እንደሚያቆም ነው። በቶምሰኑ ላይ ነጩ ከጭኖቹ መካከል ተነሥቶ የጅራቱ ሥር ላይ ያበቃል፤ ከጅራቱ በላይ ያለው ጀርባ እንደ ሌላው ገላው ቡናማ ነው። በግራንቱ ላይ ግን ነጩ የጅራቱን ሥር አልፎ ወደ ወገቡ ይወጣል፤ ከላይም አራት ማዕዘን በሚመስል ቅርጽ ይቆማል። ከግራና ከቀኝ ደግሞ በታፋው ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጥቁር መስመር እንደ ነጠላ ጥለት ነጩን ይገድበዋል። ቶምሰኑም በነጩ ዳር ጥቁር መስመር ስላለው፣ ጥቁሩን መስመር ብቻ አይቶ ግራንት ነው ማለት አይቻልም። ወሳኙ ከጅራቱ በላይ ያለችው ጠባብ ቦታ ናት። ቡናማ ከሆነች ቶምሰን፣ ነጭ ከሆነች ግራንት ነው።

ጅራቱም ራሱ ይረዳል። የቶምሰኑ ጅራት ከሥሩ እስከ ጫፉ ጥቁር ሆኖ በነጩ ላይ ተደርቦ ይታያል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝም ዕረፍት የለውም። በዚህም የተነሣ ሌላው ገላው ጥርት ብሎ ጅራቱ ብቻ የደበዘዘበት ፎቶ ብዙ ጊዜ የቶምሰን ሆኖ ይገኛል። ይህ እርግጠኛ ማስረጃ ባይሆንም ወደ ዳሌው እንዲታይ ይጠቁማል። የግራንቱ ጅራት ከሥሩ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ወደ ጫፉ ባለው ቀጭን ጸጉር ላይ ነው።

የዳሌው ነጭ ይህን ያህል የሚታመነው ከእንስሳው ዘር አመዳደብ ጋር ስለሚሄድ ነው። ቀድሞ የሜዳ ፍየሎች ሁሉ ጋዜላ በሚባል አንድ ወገን ሥር ይመደቡ ነበር። አሁን ግን ትልልቆቹ ናንገር በሚባል ወገን ተለይተዋል፤ ግራንት፣ በአፍሪካ ቀንድ የሚኖረው ሶመሪንግ፣ በሳህል በረሃ ጫፍ ያለው ዳማ እዚህ ውስጥ ናቸው። ቶምሰን ያለበት ትንንሾቹ የሚገኙበት ወገን ዩዶርካስ ይባላል። ከጅራት በላይ የሚወጣው ነጭ የናንገሮቹ የጋራ ምልክት ነው። ስለዚህ ያ ነጭ ሲታይ የሚረጋገጠው እንስሳው ከትልልቆቹ ወገን መሆኑ ብቻ ነው። ግራንት ነው የሚያሰኘው በዚያ ሜዳ ላይ ከትልልቆቹ ሌላ አለመኖሩ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ብዙ ሰው ግን ዳሌውን ሳይሆን ጎኑን ነው መጀመሪያ የሚያየው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚህ ነው። የቶምሰኑ ጎን ላይ ከፊት እግሩ ብብት እስከ ኋላ ታፋው የተሰመረ ወፍራም ጥቁር መስመር አለ፤ ከሩቅም ይታያል። አዋቂ ወንድ ግራንት ይህ መስመር የለውም። ከዚህ በመነሣት “ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ካለ ቶምሰን ነው” የሚል አጭር ደንብ በአስጎብኚዎችም በጎብኚዎችም ዘንድ ይሠራበታል፤ ለወንዶቹም ያስኬዳል። ነገር ግን የግራንት ግልገሎችና አንዳንድ ሴቶቹ በጎናቸው ላይ ጠቆር ያለ መስመር አላቸው። ግልገሉ በመጠንም ከቶምሰን ስለሚቀራረብ ሁለት አሳሳቾች በአንድ ገላ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። በሴሬንጌቲ ፎቶዎች ላይ ከሚደረጉ ስሕተቶች የበዛው ምናልባት ይኸው ሴት ወይም ወጣት ግራንትን ቶምሰን ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው መስመር ምንም ቢል፣ የመጨረሻው ቃል ከጅራቱ በላይ ላለችው ቦታ ይሰጣል።

የቀትር ፀሐይ ደግሞ ሐሰተኛ መስመር ትሠራለች። ብርሃኑ ከአናት ሲወርድ የሆዱ ጥላ በጎኑ የታችኛ ጠርዝ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወድቃል። ጥላ ከቀለም የሚለየው በጠርዙ ነው። እውነተኛው መስመር ከላይም ከታችም ጥርት ያለ ዳር አለው፤ ከሥሩ ነጭ ሆድ፣ ከላዩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይታያል። ጥላ ግን ከላይ ቀስ በቀስ ነው የሚጠቁረው፤ ከሥሩም ነጭ የለም፤ በአገጩና በአንገቱ ሥርም እንደዚያው ይጨልማል።

ቀንድ ሁለተኛው ምልክት ነው። ከዳሌው ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው መልኩ በተነሣበት አቅጣጫ ስለሚለዋወጥ ነው። የወንዱ ቶምሰን ቀንዶች እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ በመጠኑ ወደ ኋላ ጋደል ይሉና ጫፋቸው ወደ ፊት ቀና ይላል። ከፊት ሲታዩ ሁለት የቆሙ ዘንጎች ይመስላሉ፤ መቀልበሳቸው የሚታየው ከጎን ነው። የወንዱ ግራንት ቀንድ ረጅም ነው፤ ከ50 ሴንቲሜትር ማለፉ የተለመደ ሲሆን 80 የሚደርስም አለ። ከሥሩ ወፍሮ ይነሣና ወደ ውጭ እየተከፈተ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ መልሶ ይሰበሰባል። ይህ መከፈት ከፊት ካልሆነ አይታይም። ከጎን የተነሣ ግራንት ወደ ኋላ የተቆለመመ አንድ ረጅም ቀንድ ብቻ ያለው ይመስላል።

የፈረንጅ መጻሕፍት ይህን ቅርጽ በጥንቱ የግሪክ ክራር ይመስሉታል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ምሳሌው አያስኬድም። የኢትዮጵያ ክራር ሁለት ቋሚዎች ከታች ጀምሮ ቀጥ ብለው እየተራራቁ የሚወጡ ናቸው፤ የእንስሳው ቀንድ ግን ተራርቆ እንደገና ይቀራረባል። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ መዳፎቹን እርስ በርስ ለማየት ያዞረ ሰው ይሻላል ለማሰብ።

የሴቶቹ ቀንድ ሌላ ጉዳይ ነው። በሁለቱም ዘሮች ሴቶቹ ቀንድ አላቸው፤ ነገር ግን የሴት ቶምሰን ቀንድ እንደ እርሳስ የቀጠነና አጭር ነው። አንዳንዴ ይሰበራል፣ አንዳንዴ ይጣመማል፣ ፈጽሞ ጎዳ የሆነችም ትገኛለች። የሴት ግራንት ቀንድም ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ ግን ከ30 ሴንቲሜትር ስለሚያልፍ ከሩቅ የወንድ ቶምሰን ቀንድ ይመስላል። እዚህ ላይ የሚረዳው በየፎቶው ውስጥ ያለ አንድ ማስመሪያ ነው፤ እሱም ጆሮ ነው። የሴት ቶምሰን ቀንድ ከጆሮዋ ብዙም አይበልጥም፤ የሴት ግራንት ቀንድ ጆሮዋን እጥፍ ያህል ያልፋል። የወንድ ቶምሰን ቀንድም ጆሮውን በብዙ ይበልጣል፤ እሱ ግን ከሥሩ ወፍራም ነው፤ ቀለበቶቹም ጥቅጥቅ ብለው ጎልተው ይታያሉ። ስለዚህ ርዝመትና ውፍረት አብረው መታየት አለባቸው፤ አንዱ ብቻውን ያታልላል።

ቀንድ በቦታም ይለያያል። በምዕራብ ሴሬንጌቲ የሚገኙት ግራንቶች የቀንዳቸው ጫፍ ወደ ውስጥ በመመለስ ፈንታ ወደ ጎን ተዘርግቶ ይቀራል። መጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ የያዘ ሰው እነዚህን ሲያይ ሌላ ዘር ያገኘ ይመስለዋል። በምሥራቅ ኬንያ ቆላ ያሉት ደግሞ ቀንዳቸው ጠባብ ነው፤ የዳሌያቸውን ነጭም ከወገብ ወደ ጅራት የሚወርድ ቡናማ ቀለም ለሁለት ይከፍለዋል። በ2008 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግራንት የሚባሉት በሦስት የተለያዩ የዘር ሐረጎች እንደሚከፈሉ አሳይቷል፤ ሦስቱን እንደ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ዘሮች የሚቆጥሩ ተመራማሪዎችም አሉ። የዳሌው ደንብ በነዚህ የምሥራቅ ኬንያ እንስሳት ላይ ይላላል። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያ ቆላ ቶምሰን ስለሌለ፣ ደንቡ የሚያስፈልገው ሰው እዚያ የለም።

ፊት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደካማው ምስክር ነው። በሁለቱም ፊት ላይ ከቀንዱ ሥር ተነሥቶ በዓይኑ በላይ አልፎ ወደ አፍንጫው የሚወርድ ነጭ መስመር አለ። በሁለቱ ነጭ መስመሮች መካከል ያለው ግንባር ዳማ፣ ማለትም ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ከብት አርቢ ቦቃ የሚለው ግንባሩ ነጭ የሆነውን ነው፤ የሜዳ ፍየሎቹ የቦቃ ተቃራኒ ናቸው፤ ነጩ ከዳር፣ ጠቆር ያለው ከመሐል ነው። ከዓይኑ ፊት ወደ አፉ የሚወርደው ጥቁር መስመር በቶምሰኑ ላይ ወፈርና ጎላ ይላል፤ በግራንቱ ቀጠን ይላል። ይህ የመጠን ልዩነት ስለሆነ በግለሰቡ እንስሳ፣ በዕድሜና በብርሃን ይዋዥቃል። ፊቱ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ቶምሰንን ከግራንት መለየት ብዙውን ጊዜ ግምት ነው።

በሴሬንጌቲ ደቡብ፣ በአጭሩ ሣር ሜዳ ላይ በየካቲት የተነሣ አንድ ፎቶ ይታሰብ። ወቅቱ ዝናም ያለበት ስለሆነ ቶምሰኖች በብዛት እዚያ ይገኛሉ፤ ግራንቶችም አሉ። በምስሉ ውስጥ አራት እንስሳት አሉ። ግራ ዳር ያለው በጎኑ ቆሟል፤ ጎኑ ላይ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ ነጭ ሆድ ይታያል፤ ጅራቱ ደብዝዟል፤ ከጅራቱ በላይ ያለው ጀርባ ቡናማ ነው። ቀንዱ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጆሮው ብዙ የረዘመ ነው። እዚህ ምልክቶቹ ሁሉ ስለተስማሙ ወንድ ቶምሰን ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ሁለተኛው እንስሳ ጀርባውን ከፊል አዙሮ ቆሟል። ጎኑ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ስላለ ፈጥኖ የሚፈርድ ሰው እሱንም ቶምሰን ይለዋል፤ ከጎረቤቱም ጋር በቁመት እኩል ይመስላል። ምስሉ ጎላ ሲደረግ ግን ነጩ የጅራቱን ሥር አልፎ ወደ ወገቡ ሲወጣ ይታያል፤ ጅራቱም ከሥሩ ነጭ ነው። ቀንዱ ቀጭን ሆኖ ጆሮውን እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህች ሴት ግራንት ናት። የጎኗ መስመርም ተጠግቶ ለሚያይ ሰው ከጥቁርነት ይልቅ ወደ ጥቁር ቡናማነት ያደላል። ከቶምሰኑ ጋር እኩል የሆነችው ወደ ኋላ ርቃ ስለቆመች ነው፤ የእግሮቿ ሰኮና በምስሉ ላይ ከጎረቤቷ ሰኮና ከፍ ብሎ መታየቱ ይህን ያስረዳል። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ እግሩ ከፍ ብሎ የሚታየው እንስሳ ሩቅ ያለው ነው።

ሦስተኛው ፊት ለፊት ያያል፤ ዳሌው አይታይም። ቀንዶቹ ወፍራም ናቸው፤ ከሥራቸው ተነሥተው ወደ ውጭ ከተከፈቱ በኋላ ጫፋቸው ላይ ይሰበሰባሉ። የቶምሰን ቀንድ ከፊት እንዲህ አይከፈትም። ስለዚህ በቀንዱ ብቻ ወንድ ግራንት ነው። አራተኛው ሣር ላይ ተኝቷል፤ የሚታየው ራሱና አንገቱ ነው። ቀንዱ ቀጭን ሲሆን የጆሮውን ያህል ይረዝማል፤ የፊቱ ጥቁር መስመር መካከለኛ ነው። ሴት ቶምሰን ሊሆን ይችላል፤ ቀንዱ ገና እያደገ ያለ ወጣት ግራንትም ሊሆን ይችላል። አብሮት የተኛው ማን እንደሆነ ቢታይ እንኳ መንጋው የተደባለቀ ስለሆነ ጉርብትና ማስረጃ አይሆንም። እዚህ የሚጻፈው “ያልተለየ” ነው። ያው ፎቶ አንሺ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያነሣው ሌላ ፎቶ ካለ እንስሳው ብድግ ሲል ጀርባውን ያሳይ ይሆናል። ለዚህ ነው እንስሳ የሚቆጥሩ ሰዎች ከአንድ ቆንጆ ፎቶ ይልቅ ተከታታይ የሆኑ አሥር ተራ ፎቶዎችን የሚመርጡት።

ከግራንትና ከቶምሰን ጋር በዚያው ሜዳ ዳር ኢምፓላም ይታያል። ወንዱ ኢምፓላ ረጅምና የተከፈተ ቀንድ ስላለው ከወንድ ግራንት ጋር ይምታታል። ፊቱ ላይ ግን የሚወርድ የነጭና የጥቁር መስመር የለም፤ ከኋላው በታፋዎቹና በጅራቱ ላይ ሦስት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይወርዳሉ፤ በኋላ እግሮቹ ቁርጭምጭሚት ላይም ጥቁር የጸጉር ቁንጮ አለ። ሴቷ ጭራሽ ቀንድ የላትም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጥያቄው ይለወጣል። ቶምሰን በኢትዮጵያ የለም። የሚምታቱት ግራንትና ሶመሪንግ ናቸው፤ ሁለቱም ከናንገር ወገን ስለሆኑ፣ በሁለቱም ላይ ነጩ ከጅራት በላይ ይወጣል። በሴሬንጌቲ ወሳኝ የነበረው ምልክት እዚህ ዝም ይላል። በጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ በሳሙኤል ቶማስ ፎን ሶመሪንግ ስም የተጠራው ይህ እንስሳ በቁመት የግራንት አቻ ነው፤ ጎኑም ላይ ጥቁር መስመር የለውም፤ ስለዚህ ጎኑም አይረዳም።

በሴሬንጌቲ ደካማ የነበረው ፊት ግን እዚህ ከሁሉ ይበልጣል። የሶመሪንግ ፊት ከቀንዱ ሥር እስከ አፍንጫው ድረስ መሐሉ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ያሉት ነጭ መስመሮች በዚህ ጥቁር ላይ ስለሚያርፉ በጣም ጎልተው ይወጣሉ። የግራንት መሐል ፊት ዳማ ነው። በሩቅ ፎቶ ላይ እንኳ የሶመሪንግ ራስ ከአንገቱ ይልቅ ጠቁሮ ሲታይ፣ የግራንት ራስ ከአንገቱ ጋር ተመሳስሎ ይታያል። ቀንዱም ይተባበራል። የሶመሪንግ ቀንድ ከግራንት አጠር ያለ ነው፤ ወደ ውጭ ከተለጠጠ በኋላ ጫፉ ላይ በድንገት ወደ ውስጥ ይቆለመማል፤ የሁለቱ ቀንዶች ጫፎች እንደ ሁለት መንጠቆ ይተያያሉ። የግራንት ቀንድ ጫፍ ሲሰበሰብ ቀስ ብሎ ነው። በሴቷ ሶመሪንግ ላይ መንጠቆው ለስለስ ይላል፤ እሷን ለመለየት ወደ ፊቷ መመለስ ይሻላል።

ዳሌውም ቢሆን ፈጽሞ አይጣልም፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ብቻ ይቀየራል። አሁን የሚታየው ነጩ ወደ ላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ሳይሆን ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሰፋ ነው። የሶመሪንግ ነጭ ሰፊ ሆኖ ወደ ታፋው ጎን ይገባል፤ ከጎን ለተነሣ እንስሳ እንኳ በግልጽ ይታያል። የግራንት ነጭ ግን በሚወርደው ጥቁር መስመር ተገድቦ ከኋላ ይቀራል። ያ ጥለት የመሰለ ጥቁር ወሰን በሶመሪንግ ላይ አይታይም።

እዚህ ላይ ፎቶው የተነሣበት ቦታ ከየትኛውም ምልክት ቀድሞ ይመጣል። ሶመሪንግ የሚገኘው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በአለደጊ ሜዳ፣ በያንጉዲ ራሳና በሌሎች የአፋርና የሶማሌ ቆላዎች፣ እንዲሁም በኤርትራ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ነው። ግራንት በደቡብ ነው፤ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ፣ በኦሞ ሸለቆና በቦረና። በአዋሽ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ከሳላዎች ጋር የቆመ የሜዳ ፍየል ሶመሪንግ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል፤ በነጭ ሣር ሜዳ ላይ ከሜዳ አህያ ጋር የቆመው ደግሞ ግራንት። የኢትዮጵያዎቹ ግራንቶች ከሦስቱ የዘር ሐረጎች የሰሜኑ ናቸው፤ ቀንዳቸው ብዙውን ጊዜ ከሴሬንጌቲዎቹ ያጠረና ያልተከፈተ ነው። በታንዛኒያ ፎቶ የተማረ ዓይን ነጭ ሣር ላይ የተነሣ ወንድ ሲያይ “ይህ ግራንት አይመስልም” የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። በአፋር ደረቅ ምድርና በኤርትራ ዳርቻ ዶርካስ የምትባል ትንሽ የሜዳ ፍየል ትጨመራለች፤ የእሷ ነጭ ከጅራቷ በላይ ስለማይወጣ ከሶመሪንግ መለየቷ አያስቸግርም። መጠን ግን እዚህም አይታመንም፤ በኤርትራ ዳህላክ ከቢር ደሴት ላይ ያሉት ሶመሪንጎች ከየብስ ዘመዶቻቸው ጎልተው ያነሱ ናቸው።

ፎቶው ራሱ ምልክቱን የሚያጠፋበት ጊዜም አለ። በቀትር ብርሃን የዳሌው ነጭ ከልክ በላይ ይፈካና ወደ ዳር ይፈሳል፤ የግራንቱ ጥቁር ወሰን ይዋጣል፤ የቶምሰኑ ነጭም ከጅራቱ በላይ የወጣ ይመስላል። እንዲህ ያለ ፎቶ ላይ የሚሻለው ምስሉን አጨልሞ ማየት ነው። በነጩ ውስጥ የጸጉር ዝርዝር ተመልሶ ከመጣ ወሰኑም ይታመናል፤ ካልመጣና ነጩ እንደ ወረቀት ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ ጠርዙ የት እንደነበረ ያ ፎቶ አያውቅም። በምሽት ቀላ ያለ ብርሃን ደግሞ ዳማውና ቡናማው ይቀላቀላሉ፤ የሶመሪንግ ጥቁር ፊት ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሌሊት በራሱ የሚያነሣ ካሜራ ምስሉን ያለ ቀለም ስለሚያወጣ የሚቀረው ቅርጽ ብቻ ነው፤ የቀንዱ መቆልመምና የነጩ ወሰን።

ጭቃና አቧራም አለ። በአለደጊ አቧራ ላይ የተንከባለለ እንስሳ ነጩ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ቆሻሻ ግን የተፈጥሮ ወሰንን አይከተልም፤ በአንድ ጎን በዝቶ በሌላው ያንሳል። የዳሌው ሁለት ጎኖች እኩል ካልሆኑ የሚታየው የአቧራ መልክ ነው። ሙቀት ከመሬት ሲነሣ ደግሞ ሩቅ ያለው እንስሳ ጠርዙ ሁሉ ይርገበገባል፤ ቀንዱ የተጣመመ፣ መስመሩ የተቆራረጠ ይመስላል። ከደቡብ ምሥራቅ ቆላ፣ የሁለቱ ትልልቅ የሜዳ ፍየሎች አገር ከሚቀራረብበት አካባቢ፣ በእንዲህ ያለ ሙቀት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ የተነሣች ሴት ከጅራቷ በላይ ነጭ ካላት፣ ፊቷ ካልታየና የነጩ ዳር ከተርገበገበ፣ ከፎቶው ሥር ሊጻፍ የሚችለው “ናንገር፣ ዘሩ ያልተለየ” የሚል ብቻ ነው።